ሹሩባ ያሳሳው የግንባሬ ዳር ፀጉር ይመለሳል?

እህቶቼ፣ ጎንደር ነው የምኖረው፤ 27 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጠበቅ ያለ ሹሩባ እሠራለሁ፤ በመሃል ደግሞ ፀጉሬን ወደ ኋላ ጠፍንጌ ነው የማስረው። ለጥምቀት ቅጥያ ጨምሬ ቀጫጭን ሹሩባ ተሠራሁ። ያን ሌሊት ቆዳዬ ተወጥሮ ትራስ ላይ መጋደም አቃተኝ፤ በሦስተኛው ቀን ዳር ዳሩን ትንንሽ ብጉር ወጣ። ሠሪዋ «ይላላል፣ ቻይው» ስላለችኝ ሁለት ወር ቻልኩት። ያኔውኑ መፍታት ነበረብኝ።

ስፈታው ከጆሮዬ በላይ በሁለቱም በኩል ሁለት ጣት ያህል ሳስቷል። ጫፉ ላይ ግን ስስ አጫጭር ፀጉር ቀርቷል፤ ባዶው ከእሱ ኋላ ነው። የቆዳ ሐኪሟ ይህ የመጎተት ምልክት ነው አለችኝ። የፀጉር ቀዳዳዎቹ እስከታዩ ድረስ፣ መጎተቱ ከቆመ በወራት ውስጥ ሊበቅል ይችላል፤ ቆዳው ለስልሶ ካብለጨለጨና ቀዳዳው ከጠፋ ግን ሥሩ ጠባሳ ሆኗል ማለት ነው።

ከፈታሁት አራት ወር ሆነኝ። በግራ ቡቃያ አለ፤ በቀኝ አንድ ቦታ ያብለጨልጫል፣ ምንም የለም። የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ስንት ወር ጠበቃችሁ? በሐኪም ትእዛዝ ሚኖክሲዲል ተቀብታችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የበቀለላችሁ አላችሁ? የእህቴ ሠርግም ደርሷል፤ ዳሩን ሳይነካ ላላ አድርጎ የሚሠራ አሠራር ካወቃችሁ ንገሩኝ።