ከስክሪንሾት ላይ የተደራረቡ ስብሰባዎችን ለይቶ የትኛው ይዛወር?

ጠያቂ፦ አለቃዬ የሰኔ ማክሰኞ የጎግል ካላንደራቸውን ስክሪንሾት ልከው «የሚጋጨውን ለይተሽ የትኛው እንደሚዛወር ሐሳብ አቅርቢ» አሉኝ። ያለው ይህ ነው፦

```
9:00–10:00 AM   የቡድን ስብሰባ (ሳምንታዊ)
9:30–10:30 AM   ከለጋሽ ድርጅት ጋር
10:30–11:30 AM  በጀት
2:00–5:00 PM    ስልጠና
2:30–3:00 PM    ከአንድ ሠራተኛ ጋር
4:00–5:00 PM    ከዋሽንግተን ቢሮ ጋር
```

የቢሮ ሰው፦ በሰዓት ቅደም ተከተል ጻፊና እያንዳንዱን ከሚቀጥለው ጋር አስተያዪ። ቡድንና ለጋሽ፣ ስልጠናና ሠራተኛው ይጋጫሉ። ለጋሹና በጀቱ 10:30 ላይ ስለሚነካኩ እነሱም ግጭት ናቸው።

ቀጠሮ ያዥ፦ መነካካት ግጭት አይደለም፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። የመሸጋገሪያ ደቂቃ ማጣት ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ለአለቃሽ ንገሪያቸው። ከሚቀጥለው ጋር ብቻ ማስተያየት ደግሞ አንድ ግጭት ያስመልጣል። የሠራተኛው 3:00 ላይ ስለሚያልቅ ከዋሽንግተኑ ጋር አይገናኝም፤ ስልጠናው ግን እስከ 5:00 ስለሚዘልቅ የዋሽንግተኑን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ ወደ ታች ስትወርጂ እስካሁን ካየሻቸው ሁሉ ዘግይቶ የሚያልቀውን ሰዓት ያዢ፤ አዲሱ ከዚያ በፊት ከጀመረ ይጋጫል። ስሙ ላይ መስመር የተሰረዘበት ካለ አለቃሽ አልገባም ያሉት ነውና አትቁጠሪው።

የሚዛወረው ጥቂት ሰው የሚነካና አለቃሽ ራሳቸው የጠሩት ይሁን። የቡድኑን ስብሰባ ወደ 11:30 AM ውሰጂው፤ ለጋሹ የውጭ እንግዳ ስለሆነ ይቆይ። ስታስተካክዪ የዚያን ቀን ብቻ ምረጪ፤ አለዚያ የየሳምንቱ ሁሉ ይዛወራል። የሠራተኛው ወደ 1:30 PM ይምጣ። የዋሽንግተኑ 4:00 PM እዚያ ከጠዋቱ 9:00 ነው፤ ወደ ኋላ ብትስቢው ሥራ ሳይገቡ ይሆንባቸዋል። ወደ 5:00 PM ቢገፋ ለእነሱ 10:00 ነው።

ከሜሪላንድ፦ የእኛ ሳምንታዊ ስብሰባ በኅዳር አካባቢ በአንድ ሰዓት ሲዘገይ አዲስ አበባ ያሉት ሌላ ስብሰባ ላይ ያርፍባቸዋል። የማን ጥፋት ነው?

ቀጠሮ ያዥ፦ የማንም አይደለም። አሜሪካ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ትመልሳለች፤ ልዩነቱ ከ7 ወደ 8 ሰዓት ያድጋል። ስብሰባው በዋሽንግተን ሰዓት ከተያዘ የሚንሸራተተው አዲስ አበባ ላይ ነው።

ጠያቂ፦ እንዲህ ብጽፍስ? «የቡድኑ ስብሰባ ለዚህ ማክሰኞ ብቻ ወደ 5:30፣ የሠራተኛው ወደ ቀኑ 7:30፣ የዋሽንግተኑ ወደ 11 ሰዓት ቢዛወር ይስማማዎታል?»

ቀጠሮ ያዥ፦ 5:30ን ካላንደር ላይ እንዳለ የሚጽፈው ሰው ከማለዳው 5:30 AM ላይ ያስቀምጠዋል። «ከረፋዱ 5:30 (11:30 AM)» እያልሽ ሁለቱንም ጻፊ።

የቢሮ ሰው፦ እኔ ብሆን የዋሽንግተኑን ሳልነካ አለቃዋ ስልጠናውን 4:00 ላይ አቋርጠው ይውጡ እላለሁ።

ቀጠሮ ያዥ፦ አሠልጣኙ እሳቸው ከሆኑ አይቻልም። ስክሪንሾቱ ይህን አያሳይምና መጀመሪያ ጠይቂያቸው።