ድምሩ ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሪፖርቱ አልጣመኝም

የሽምብጡ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነኝ። ስለ እምቦጭ ነቀላ የተጻፈ 40 ገጽ ሪፖርት ተሰጥቶኝ ቁጥሮቹን እስከ ሰኞ አጣራ ተብያለሁ። 23 ሠንጠረዥ አለው። ሁለት ቀን ሙሉ እየደመርኩ 9ኙን ጨረስኩ፣ አንዱም አልዛነፈም። ማጠቃለያው «40 ሰው በ3 ቀን በእጅ 120 ሄክታር ነቀለ» ይላል። በዚህ አያያዝ አልደርስም። ከየት ብጀምር ይሻላል?

ዓባይ ማዶ
ወንድሜ፣ መደመሩን ለጊዜው ተወውና ያቺን ማጠቃለያ ያዝ። 40 ሰው ለ3 ቀን ሲሠራ 120 የሰው ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በቀን አንድ ሄክታር ነቅሏል እያሉህ ነው። ሄክታር እኮ ከኳስ ሜዳ ይበልጣል! ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የሚጎትት ሰው በቀን ኳስ ሜዳ ሙሉ?

ክብደቱንም በጭንቅላትህ ገምት። ጥቅጥቅ ያለ እርጥብ እምቦጭ በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ነው እንበል፤ 10ም ይሁን 30 ፍርዱን አይቀይረውም። ሄክታሩ 2,000 ኩንታል ይሆናል። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ 40 ምልልስ፣ ለአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን። አይሆንም።

ድምሩ ለምን ልክ ሆነብህ? ስህተቱ ከመደመሩ በፊት ስለገባ ነው። 120 አንዴ ከተጻፈች ሌሎቹ ሠንጠረዦች ከሷ ነው የሚቀዱት፣ ሁሉም እርስ በርሱ ይስማማል፣ አንተም 23ቱንም ደምረህ «ልክ ነው» ብለህ ትፈርማለህ።

በነገራችን ላይ፣ ለቀሩት ሠንጠረዦች ግምትህን የሪፖርቱን ቁጥር ሳታይ ጻፍ። ካየኸው በኋላ እጅህ ወደሱ ይጎተታል።

ሒሳብ ቤት
እኔ ግምት አይዋጥልኝም። ገምቼ ነው ብለህ ለአለቃህ ልትነግረው ነው? ሁሉንም ኤክሴል ላይ መልሰህ ሥራው። ሁለት ቁጥር ካልተስማማ ልዩነቱን ለ9 አካፍል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጧል ማለት ነው፣ እንደ 54 እና 45።

ዓባይ ማዶ
የ9ኟ ዘዴ ጥሩ ናት፣ እኔም እጠቀምባታለሁ፣ ምንም እንኳ የግድ መገለባበጥ ባይሆንም። ግን የማይስማሙ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጓታል። እዚህ ሁሉም ቦታ 120 ነው።

ጎርጎራ
ነቀላውን ከሆነ የጠየቅከው፣ የወጣውን ዳር ላይ ከምራችሁ አትሂዱ። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ተመልሶ ይገባል፣ እኛ ዘንድ ሁለቴ ደርሶብናል። ደግሞስ ማሽን አልነበረም ወይ? በማሽን ከሆነ ያ ሁሉ ስሌታችሁ ይፈርሳል።

የሽምብጡ
@ጎርጎራ ጥያቄዬ ስለ ቁጥሩ ነበር፣ ግን የማሽኗ ነገር ጠቀመችኝ። ክፍያው ላይ የቀን ሠራተኛና አይሱዙ ብቻ ነው ያለው፣ የማሽን ኪራይ የለም። @ዓባይ ማዶ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ጠቅላላ ክብደቱ 2,400 ኩንታል ይላል፣ 48 አይሱዙ። ይሄ ለ40 ሰው ይቻላል አይደል?

ዓባይ ማዶ
ይቻላል! ለአንድ ሰው በቀን 20 ኩንታል፣ ከባድ ነው ግን ይሠራል። ክብደቱ ከመኪና ቆጠራ የመጣ ይመስለኛል፣ ስለዚህ እሱ እውነተኛ ነው። አሁን ለ120 ሄክታር አካፍለው፤ በካሬ ሜትር 200 ግራም ይወጣል። አንድ እስር ጎመን እንኳ ይበልጣል። እንዲህ የሚል ሠንጠረዥ አለ?

የሽምብጡ
ሠንጠረዥ 9! 0.2 ኪሎ ይላል። ትናንት ደምሬ አልፌዋለሁ 😅

ዓባይ ማዶ
አየህ፣ አንዱ ሰው ክብደቱን በተሳሳተው ስፋት አካፍሎ ሞላት። የመስክ ደብተሩን አስመጣ። መቶ እጥፍ ስትዘል ብዙ ጊዜ ነጥብ ጠፍታ ነው።

የሽምብጡ (በማግሥቱ)
ደብተሩ «1.20 ሄ/ር» ይላል። ነጥቧ ቡና የነካት ትመስላለች። 20 ኪሎህም ቁጭ አለች። ግን የጀልባ ነዳጁ አልገባኝም፤ እኔ 45 ሊትር ገምቼ ሪፖርቱ 90 ይላል። ይሄስ ስህተት ነው?

ዓባይ ማዶ
እጥፍ ከሆነ በግምት አልፈርድም። ሞተሩን አናውቀው፣ ምልልሱን አናውቀው። አሥር እጥፍ ቢሆን ይጮህ ነበር። እዚህ ጋ ሒሳብ ቤት ልክ ነው፣ ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ቁጠር።

ሒሳብ ቤት
በመጨረሻ! ግን ደረሰኝ ራሱ ከተጋነነስ?

ጎርጎራ
ከኛ ጀልባ ነጂዎች አንዱን ጠይቀው፣ የት ድረስ እንደሄዱ ከነገርከው ሊትሩን ይነግርሃል።