ጀበናዬ ቴሌግራም ላይ ተደፋች

ጀበናዋ (ጠያቂ)
ሰላም ሰዎች። ስለ አያቴ ቡና የጻፍኩት ግጥም አለ። ቃሎቹን በጀበና ቅርጽ ደረደርኳቸው፤ አንገቷ ቀጭን፣ ሆዷ ሰፊ፣ መያዣዋ በቀኝ። ወርድ ላይ ስፔስ እየመታሁ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ተደፋች። አንገቷ ወደ ግራ ሄደ፣ ሆዷ ተበተነ። እህቴ በስልኳ አይታ "የተሰበረ ገንቦ ነው?" አለችኝ። ምን ላድርግ? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ "ይሄ ስዕል እንጂ ግጥም አይደለም" ብሎኛል። እውነቱን ነው?

ናቲ 21
ቀላል ነው። ከግጥሙ በፊትና በኋላ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሄን ምልክት ` አድርጊ። ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት ይኖረዋል፣ ስፔሱም አይነቃነቅም። እኔ ኮድ የምልከው እንደዚያ ነው።

ማተሚያ ቤት
ናቲ፣ ለእንግሊዝኛ ልክ ነህ። ለፊደላችን ግን ግማሽ መንገድ ነው የሚወስዳት። ስፔሱ አይጠፋም፤ ፊደሉ ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ላይ ካለው ሌላ ፎንት ነው የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ ለሁሉም ፊደል እኩል ቦታ አይሰጥም። አሁኑኑ ሞክሩት። እነዚህን ሁለት መስመሮች በናቲ ምልክት መሃል ላኳቸው፤ ሁለቱም አሥር አሥር ፊደል ናቸው።

ነነነነነነነነነነ
ጠጠጠጠጠጠጠጠጠጠ

መጨረሻቸው እኩል ካልሆነ ስልክሽ ላይ ያ ዘዴ አይሠራም። እኔ ጋ የ"ጠ" መስመር አልፎ ሄደ።

ጀበናዋ፣ የሠራሽው ስህተት ስፔሱ ነው። ስፔስ በአንድ ፎንት አንድ ስፋት አለው፣ በሌላ ፎንት ሌላ። ስለዚህ በስፔስ የተሠራ ቅርጽ ከተሠራበት ኮምፒውተር አይወጣም። ወርድ ላይ ስፔሶቹን በሙሉ አጥፊና መስመሮቹን መሃል አድርጊያቸው። የሆዷንና የአንገቷን ስፋት በስፔስ ሳይሆን በቃል ብዛት አስተካክይ። ከዚያ ፒዲኤፍ አድርገሽ ገጹን እንደ ፎቶ ላኪው። ፎቶ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከሥሩ ግጥሙን በተራ ጽሑፍ ድገሚው፤ ፎቶ ውስጥ ያለ ቃል ብዙ ጊዜ በፍለጋ አይገኝም፣ ስልካቸው እያነበበላቸው የሚከታተሉ ዓይነ ስውራንም አይሰሙትም።

መያዣዋ ግን ታስቸግርሻለች። መሃል የተደረገ መስመር ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ ጆሮ አያወጣም። ወይ መያዣዋን ተዪያት፣ ወይ ለብቻዋ በቴክስት ቦክስ ሥሪያት።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ስለ ቅርጽ ከጠየቅሽ የኛ ግጥም ቅርጹ የታወቀ ነው። የወል ቤት ስድስት ስድስት ይላል፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። ለቡና ሰንጎ መገን ይሻላል፣ ይፈጥናል። ስፔስ የምትሉት ነገር አልገባኝም።

ጀበናዋ
ጋሼ፣ እኔ ያልኩት ዓይን የሚያየውን ቅርጽ ነው። የጆሮውን አይደለም።

ጡረተኛው መምህር
እህ፣ አሁን ገባኝ። እንግዲያውስ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሁለቱ አንድ ላይ አይሄዱም። "ለበሰ" ሦስት ፊደል ነው፣ በጆሮም ሦስት ቀለም ነው። "ልብስ"ም ሦስት ፊደል ነው፤ ጆሮ ላይ ግን አንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ሳድስ ፊደል ገጽ ላይ ቦታ ይይዛል፣ ሲነበብ ይዋጣል። ስለዚህ ዜማው ሳይሰበር መስመር ማሳጠር ወይም ማስረዘም ትችያለሽ። ሆዷ ላይ ሳድስ አብዢ።

ማዶ ያለችው
የጋሼ ምክር ወርቅ ነው። እኔ ወደ ጓደኛሽ ጥያቄ ልሂድ፤ ስፔሱ መፍትሔ አግኝቷል።

ጓደኛሽ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ጀበናዋን አፍርሰሽ ግጥሙን በአንድ ረድፍ ብትጽፊውና ምንም ካልጎደለው፣ ቅርጹ ጌጥ ነበር ማለት ነው። የእንግሊዙ ቄስ ጆርጅ ኸርበርት "የፋሲካ ክንፎች" የሚል ግጥም አለው፤ በ1633 ዓ.ም. በፈረንጆች ከሞተ በኋላ ታተመ። ሁለት ክፍል ነው፣ እያንዳንዱ አሥር መስመር። የመጀመሪያው መስመር ረጅም ነው፤ ከዚያ እያጠረ ይሄድና አምስተኛው ላይ ሁለት ቃል ብቻ ይቀራል። ቃሎቹ ምን ይላሉ? በመጀመሪያው ክፍል "እጅግ ድሃ"፣ በሁለተኛው "እጅግ ቀጭን"። ሰውዬው ሀብቱን ሲያጣ መስመሩም አብሮ ያጣል። ከዚያ ሲነሣ መስመሩም ይሰፋል። በመጀመሪያው እትም ገጹን አጋድመው ነው ያተሙት፤ ስታዞሪው ክንፍ ይሆናል። እኔን የሚገርመኝ ግን ክንፉ አይደለም፣ አምስተኛው መስመር ነው።

ለራሴ ስለ መንደራችን ወንዝ የሞከርኩትን እዩት፦

ሐምሌ ድልድይ ዘሎ ከብት የሚወስደው
መስከረም ላይ ጠርቶ ወረደ
ኅዳር ላይ ተሻገርነው
ጥር ላይ ዘለልነው
መጋቢት ጠጠር
ጠብ
ጠብ ጠብ
ሰኔ አጉረመረመ
ሐምሌ ድልድይ ዘሎ ከብት የሚወስደው

አንድም ስፔስ አልመታሁም። የግራ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚንቀሳቀሰው የቀኙ ዳር ብቻ ነው። የወንዝ አንዱ ዳርቻ በሉት። ስለዚህ ቴሌግራምም ላይ፣ ኤስኤምኤስም ላይ፣ ወረቀትም ላይ አይፈርስም። ረጅሙ መስመር አሥራ ስምንት ፊደል ነው፤ መጀመሪያ ሃያ ስምንት ነበር፣ ስልኬ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ወንዙ ሹካ ሆነብኝ። ፊደሉን አተልቆ የሚጠቀም ሰው ጋ አሁንም ሊቆረጥ ይችላል።

"ጠብ" ብቻዋን የቆመችው አውቄ ነው። በመጀመሪያ "መጋቢት ላይ ደረቀ" ብዬ ነበር። ቃሉ መድረቁን ከተናገረ መስመሩ ምን ይሠራል? አጠፋሁት።

ጀበናዋ
ወይኔ። እኔ ሆዷ ጋ የጻፍኩት ስለ አያቴ እጅ ነው፣ አንገቷ ጋ ስለ ጎረቤቶቹ ወሬ። ተገላቢጦሽ ነው እኮ። ወሬው ሆድ ውስጥ መሆን ነበረበት።

ማዶ ያለችው
አዎ! አንገቷ ላይ ሲቀዳ ብቻ የምትወጣዋን ቃል አድርጊያት። ስኒው ሲሞላ የምትለው ቃል አለች?

ጀበናዋ
"ጠጡ" ነው የምትለው። ሌላ አትናገርም።

ሰናይ
የኔም ይሰማልኝ። የመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ላይ የጧፍ ግጥም ሰጥቼ ነበር። በየመስመሩ አንድ ቃል፣ ከላይ ወደ ታች፣ መጨረሻው አንድ ፊደል። አዘጋጁ "ወረቀት ታባክናለህ" ብሎ ሁሉንም አገናኝቶ በሦስት መስመር አወጣው። ጧፌ ጠፋ። ይሄም ምክር ከሆነ ምክር ነው፦ ለሰው ከሰጣችሁ "መስመሩ አይነካ" ብላችሁ ከላዩ ጻፉበት።

ማተሚያ ቤት
ሰናይ፣ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ፎቶውን አብረህ ላክ። ገጽ የሚያስተካክለው ልጅ ጽሑፉን ሲገለብጥ መስመሮቹ ቢፈርሱ ምን መምሰል እንዳለበት የሚያየው ከዚያ ነው። በእኔም እጅ ፈርሶብኝ ያውቃል።

ናቲ 21
እሺ የኔ ዘዴ ተሸነፈ 😅 ግን የግጥም ምሽት ላይ ጀበናዋን ማን ሊያያት ነው? ስታነቢው ቅርጹ የለም።

ጡረተኛው መምህር
ቃሏ ጋ ስትደርስ ትቆማለቻ። ዝምታው አንገት ነው።

ማዶ ያለችው
ጋሼ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ። "ጠብ" ብዬ ዝም ስል ሰው የረሳሁ መስሎት አጨበጨበ። መድረክ ላይ እንዴት እንደሚነበብ እስካሁን አላገኘሁትም።

ጀበናዋ
እኔ ለአሁኑ መያዣዋን አውጥቻለሁ። "ጠጡ" አንገቷ ላይ ብቻዋን ቆማለች። ለእህቴ ላክሁላት፤ "አሁን ጀበና ነው፣ ግን መያዣ የሌለው ጀበና እንዴት ይነሣል?" አለችኝ።