ለሰቨን ሴግመንት e መስመር በኬ-ማፕ ላይ ያሉትን X ሁሉ መክበብ አለብኝ?

አዳማዊት፦ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ የምማር ተማሪ ነኝ። ከ0 እስከ 9 ያለን ቁጥር በአራት ቢት ተቀብሎ በሰቨን ሴግመንት የሚያሳይ ሰርኪት በጌት ብቻ ሠርተን እንድናስረክብ ታዘናል። ከሬዲዮ ጠጋኞች ያገኘሁት 7404፣ 7408 እና 7432 ነው። ታችኛው የግራ መስመር፣ e፣ የሚበራው በ0፣ በ2፣ በ6 እና በ8 ነው፤ ከ10 እስከ 15 ያሉትን X አድርጌያቸዋለሁ። ትልቁ ቢት A ነው። 1ንም Xንም አንድ ሳላስቀር ስከብ `e = AB + AC + B'D' + CD'` ወጣልኝ። ጓደኛዬ ግን ሁለት ክብ ይበቃል ይላል። ማናችን ነን ትክክል?

ሎጂክ ወዳጅ፦ X እንደፈለጉ የሚወሰድ ስለሆነ ሁልጊዜ 1 አድርጎ መያዝ ይጠቅማል። ክቡ በሰፋ ቁጥር የሚጻፈው ፊደል ያንሳል፤ ስለዚህ የእርስዎ መልስ ትክክል ነው።

አንጋፋው፦ ክቡ ሲሰፋ ፊደል ይቀንሳል የተባለው እውነት ነው፤ «ሁልጊዜ 1» የሚለው ግን አያስኬድም። የግድ መከበብ ያለበት 1 ብቻ ነው። X የሚጠራው አንዱን 1 የያዘ ክብ ለማስፋት ሲረዳ ነው እንጂ X ብቻ የያዘ ክብ ጌት ከመጨመር በቀር ምንም አይሠራም። ማፑን እንየው።

```
AB\CD  00  01  11  10
00      1   0   0   1
01      0   0   0   1
11      X   X   X   X
10      1   0   X   X
```

አራቱን ማዕዘኖች ይመልከቱ። የማፑ ዳርና ዳር ጎረቤት ስለሆኑ 0፣ 2፣ 8 እና 10 አንድ ክብ ይሆናሉ፤ ከእነሱም `B'D'` ይወጣል። እዚህ ላይ የ10ሩ X ባይኖር ኖሮ ማዕዘኖቹ ሦስት ብቻ ስለሚሆኑ አራቱን በአንድ መክበብ አይቻልም ነበር። የቀረው 1 በ6 ላይ ያለው ነው፤ እሱም የመጨረሻውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሲይዙ `CD'` ይሰጣል። በዚህ ጊዜ 1 ሁሉ ተሸፍኗል፤ 11፣ 12፣ 13 እና 15 ሳይከበቡ ስለቀሩ 0 ሆኑ ማለት ነው። D' በሁለቱም ውስጥ ስላለ ወደ ውጭ ሲወጣ የሚከተለው ይገኛል።

```
e = D'(B' + C)
```

ሁለት ኢንቨርተር፣ ከ7432 አንድ ጌት፣ ከ7408 አንድ ጌት ይበቃዎታል። የእርስዎ ቀመርም ከ0 እስከ 9 ድረስ የሚሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ A 1 የሚሆነው በ8 እና በ9 ብቻ ስለሆነ፣ እዚያም B እና C 0 ስለሆኑ፣ AB እና AC አንድም ጊዜ አይበሩም። ስለዚህ ሰርኪቱ ሲሞከር ትርፉ አይታይም። እንደጻፉት ከተሠራ ግን በ7408 ውስጥ ያሉት አራቱም ጌቶች ለ e ብቻ ያልቃሉ፤ ስድስት መስመር ደግሞ ገና ይቀርዎታል።

የሶደሬው፦ እኔ በX የተጎዳሁት ካውንተር ስሠራ ነው። በፍሊፕ ፍሎፕ ከ0 እስከ 5 የሚቆጥር ሠርቼ 6ን እና 7ን X ብዬ ነበር፤ መብራት ሲበራ አንዳንዴ 6 ላይ ይነሣና በ6 እና በ7 መካከል ሲመላለስ ይቀራል። እህቴ፣ የእርስዎም ሰርኪት እንዳይቆለፍ ይጠንቀቁ።

አንጋፋው፦ ያ የሚደርሰው የአሁኑ ውጤት ተመልሶ የሚቀጥለውን በሚወስንበት ሰርኪት ነው። የእርሷ ግን ምንም የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ 12 ቢገባበት ያልተለመደ ቅርጽ ያሳያል፣ 3 ሲገባ ወዲያው 3ን ያሳያል። በካውንተር ላይ ግን ልክ ነዎት፤ ቀመሩ ከወጣ በኋላ እያንዳንዱን X በቀመሩ ውስጥ አስገብቶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል።

አዳማዊት፦ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ቁጥሩን የማስገባው በአራት ማብሪያ ማጥፊያ ስለሆነ አስተማሪያችን 10ን ሊያስገቡ ይችላሉ። ያኔስ X ልል እችላለሁ?

አንጋፋው፦ X ማለት ያ ግብአት አይመጣም፣ ወይም ቢመጣም የሚታየው ነገር ግድ አይሰጠንም ማለት ነው። በማብሪያው ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ግድ ይሰጥ እንደሆነ አስተማሪዎን ይጠይቁ። ከ9 በላይ ምንም አይብራ ካሉ X የነበረው ሁሉ 0 ይሆናል፤ ማፑም እንደገና ይከበባል።

```
e = B'C'D' + A'CD'
```

ሎጂክ ወዳጅ፦ እኔ ብሆን ሳልጠየቅም በዚህኛው እሠራ ነበር። የተሳሳተ ግብአት ምንም ሳያበራ ሲቀር ተመልካቹ ስህተት መሆኑን ያውቃል።

አንጋፋው፦ በዚህ አልስማማም። በሰባቱም መስመሮች ላይ እንዲህ ከተደረገ የሚጨመረው ጌት ብዙ ነው፤ ትእዛዙ ከ0 እስከ 9 ብቻ የሚል ከሆነ ደግሞ ያልተጠየቀ ሥራ ነው።