ሾኩ በ150 ነው የሚባዛው በ180?

ባለ ቪትስ፦ የፊት ሾክ ጥንድ ልገዛ ሄጄ ሻጩ «110 ዶላር ነው፣ ቀረጥ 40 በመቶ አለው፣ ዶላር ዛሬ 180 ነው» ብሎ ካልኩሌተሩን ጫን ጫን አደረገና 30,500 ብር ጠራብኝ። ባንክ የለጠፈው 150 ነው። የታወቀ ተመን እያለ እኛ ለምን በጥቁር ገበያ እንገዛለን?

ሶማሌ ተራ፦ ወንድሜ፣ እኔም እዚያው ነው የምሠራው። በ150 ዶላር የሚሰጠኝ ካገኘሁ በ150 እሸጥልሃለሁ። ሱቅ ያለኝ ቸርቻሪ ነኝ፤ ዕቃ የምወስደው ከጅምላ አምጪው ነው። እሱ ጠዋት ደውሎ «ዶላር ጨመረ» ካለኝ ከሰዓት ላይ የድሮ ዋጋ ይዤ ልቀመጥ? መደርደሪያዬን መልሼ የምሞላው በ180 ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም በ180 አባዛለሁ። በቃ።

ባንክ ቤት፦ ይሄ የድሮ ወሬ ነው። ከሐምሌ 22፣ 2016 ወዲህ ተመኑ በገበያ ነው የሚወሰነው፤ ባንኮች እየተደራደሩ ይሸጣሉ። አስመጪ ፕሮፎርማውንና ፈቃዱን አሟልቶ ከመጣ ባንኩ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ኤልሲ ይከፈትለታል። ድሮ ዓመት ሙሉ ወረፋ ይጠበቅ የነበረው ቀርቷል። 180 የሚሉት ትርፍ ለመጨመር ነው።

ትራንዚተር፦ ሁለታችሁም ግማሹን ይዛችሁ ግማሹን ጥላችሁታል። በመጀመሪያ ባንክ ቤት፣ የተለጠፈው 150 አስመጪው በመጨረሻ የሚከፍለው አይደለም። ኮሚሽን አለው፣ የኤልሲ ክፍያ አለው፣ ብሩ ቀድሞ ተይዞ የሚቆይበት ጊዜም አለ። ባንክና ጥቁር ገበያን ማወዳደር ካስፈለገ ይሄ ሁሉ ከተደመረበት በኋላ ነው እንጂ በተለጠፈው ቁጥር አይደለም።

አንተ ሶማሌ ተራ ደግሞ «ሁሉንም በ180» ያልከው ላይ ነው ስህተቱ። ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በኦፊሴላዊው ተመን ነው። ዶላሩን ከየትም አምጣው፣ ለጉምሩክ የሚቀርበው ዲክላራሲዮን ላይ የሚጻፈው የባንኩ ነው፣ የምትከፍለውም በብር ነው። ስለዚህ የባለ ቪትስን ሾክ እንደገና እንሥራው።

ዕቃው እስከ ወደብ ማጓጓዣውን ጨምሮ 110 ዶላር ይሁን፣ ሙሉው ዶላር በ180 ተገዝቷል እንበል። 19,800 ብር። ቀረጡና ታክሱ በድምሩ 40 በመቶ ነው ካለ ደግሞ የሚሰላው በ150 ነው፤ 110 ሲባዛ በ150፣ 16,500፤ የዚያ 40 በመቶ 6,600። ድምሩ 26,400። ሻጩ ያደረገው ግን 40 በመቶውን ወደ ዶላር ቀይሮ 154 ዶላር አደረገና በ180 አባዛው፤ 27,720 መጣለት፣ 10 በመቶ ትርፍ ጨመረና 30,500 አካባቢ ጠራ። ያንኑ ትርፍ በትክክለኛው ላይ ቢጨምር 29,000 አካባቢ ነበር። ልዩነቱ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ገደማ ነው። መንግሥት በ150 የሰበሰበውን ታክስ ነው አንተ በ180 የከፈልከው።

ባለ ቪትስ፦ እንደዚህ ሲብራራልኝ የመጀመሪያዬ ነው። ግን እኮ ሁሉም በባንክ ቢሆን 23,100 ነው የሚመጣው። ከሱ ጋርስ ያለው ልዩነት?

ትራንዚተር፦ እሱ አስመጪው ዶላሩን ከየት እንዳመጣ ነው የሚወሰነው። ብዙ ጊዜ ድብልቅ ነው። ኢንቮይሱን 60 ዶላር ብቻ አስብሎ እሱን በባንክ ይከፍልና የቀረውን 50 በጎን በሐዋላ ይልካል። 9,000 እና 9,000፣ 18,000 ብር፤ አንዱ ዶላር ወደ 164 ብር ወጣበት ማለት ነው። ከ150ም ከ180ም የራቀ ቁጥር።

ባንክ ቤት፦ ይሄን እንደ ቀላል ነገር አታውራው። ኢንቮይስ አሳንሶ ማቅረብ ወንጀል ነው።

ትራንዚተር፦ ነው፣ አልካድኩም። አዋጭም አይደለም ብዬ ልጨምርልህ፤ ጉምሩክ የራሱ የዋጋ መረጃ አለው፤ 60 ብለህ ብታቀርብ አልቀበልም ብሎ በራሱ ዋጋ ያስከፍልሃል። ግን ሰው ዋጋው እንዴት እንደሚመጣ ጠየቀ፣ ገበያው ውስጥ ያለውን ነገርኩት።

የሻርጃው፦ እኔ ደግሞ ከዚህ ሠርቼ በራሴ ድርሃም ገዝቼ ነው ለወንድሜ ሱቅ የምልከው። ዶላር ከማንም አልገዛንም። ስለዚህ ለእኛ ተመን የሚባል ነገር የለም፣ በርካሽ ነው የምንሸጠው።

ሶማሌ ተራ፦ ወንድሜ፣ በርካሽ ከሸጣችሁ እግዜር ይስጣችሁ። ግን ያን ድርሃም ለሰው ብትሸጠው በጥቁር ገበያ ተመን ብር ይሰጥህ ነበር። ለዕቃ ስታውለው ያንን ብር ተውከው ማለት ነው። ከኪስህ ስለወጣ ነጻ አልሆነም።

ተከራይ፦ ይቅርታ፣ የእኔም ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። ቦሌ አካባቢ ነው የምኖረው፤ ኪራዬ በዶላር ተተምኖ በብር ነው የምከፍለው። ዘንድሮ አከራዬ «በጥቁር ገበያ አምጪ» አሉኝ። እሳቸውስ ልክ ናቸው?

ትራንዚተር፦ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ጉዳይ ነው። ሾኩ መርከብ ላይ ወጥቶ ነው የመጣው፣ ቤቱ ግን እዚያው የነበረ ነው፤ ለመተካት ዶላር የሚገዙለት ነገር የለም። ውሉን አውጪና ምን እንደሚል እዪ። «በዕለቱ የባንክ ተመን» ካለ በዚያ ነው። ችግሩ አሁን እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ቁጥር ይለጥፋል፣ መግዣና መሸጫውም ይለያያል። የባንኩ ስም፣ መግዣ ይሁን መሸጫ፣ የየትኛው ቀን እንደሆነ ካልተጻፈ በየወሩ መጨቃጨቃችሁ አይቀርም። በዶላር መተመኑ ራሱ ያስኬዳል ወይ የሚለውን ግን ጠበቃ ጠይቂ።

ባለ ቪትስ፦ ወደ ዕቃው እንመለስ። በ2016 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ባንኩ ከ57 ወደ 74 ሲዘል ገበያው በአንድ ሌሊት ዘለለ። እናንተ ቀድሞም በጥቁር ገበያ ተመን ነበር የምትሸጡት፣ ያ ደግሞ ያን ጊዜ ከ100 በላይ ነበር። ታዲያ የባንኩ መጨመር ምናችሁን ነካው?

ትራንዚተር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያኔም ብዙ ያከራከረ ነው። የዶላሩ ክፍል መጨመር አልነበረበትም፤ ቀድሞ በከፍተኛው ተመን ተሰልቷል። የጨመረው ታክሱ ነው። ይህንኑ 110 ዶላር ብንወስድ፣ ተመኑ 57 እያለ ቀረጡ 2,500 አካባቢ ነበር፤ ባንኩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ 110 ሲደርስ 4,840 ሆነ። ያ 2,300 ብር እውነተኛ ጭማሪ ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ጉምሩክ ለሚያልፍ ዕቃ ብቻ። መጋዘን ውስጥ የነበረው ታክሱን በድሮው ከፍሎ የገባ ነው። እሱ ላይ የጨመረ ሰው ምክንያቱን ለእኔ ማስረዳት አይችልም።

ሶማሌ ተራ፦ ይቻላል። የድሮውን በድሮ ዋጋ ሸጬ በገንዘቡ አዲስ ስገዛ አሥር ጥንድ የነበረው ሱቅ ሰባት ይሆናል። በሚቀጥለው ደግሞ አምስት። እንዲህ እየሆነ ስንቱ ሱቁን ዘጋ።

ባለ ቪትስ፦ እኔም ደመወዜ በድሮው ዋጋ ነው። የእኔን ማን ይተካልኛል?

ባንክ ቤት፦ እዚህ ላይ ከገዢው ጋር ነኝ። ዶላር ሲወርድስ በዚያው ቀን ትቀንሳለህ? ሲወርድ «በውድ የገዛሁት ነው» ትላለህ፣ ሲጨምር «በውድ ነው የምተካው» ትላለህ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ።

ሶማሌ ተራ፦ ... ያልከው ነገር አለ፤ ገበያው ላይ እንደዚያ የሚያደርግ ብዙ ነው። እኔ የሚተካበትን እከተላለሁ፣ ሲወርድም እቀንሳለሁ፣ ጎረቤቴ ከቀነሰ ደግሞ የግድ ነው። የታክሱን ግን ተቀብያለሁ፤ በ180 ማባዛቱ ልክ አይደለም። ባለ ቪትስ፣ 29,000 ብለህ ተከራከር።

ባለ ቪትስ፦ ዲክላራሲዮኑን አሳየኝ ልበለው? ዕቃው በስንት ተመን እንደገባ ያለው እዚያ ላይ ነው አይደል?

ትራንዚተር፦ አዎ፣ ቀኑም ተመኑም አለበት።

ሶማሌ ተራ፦ ቸርቻሪ ጋ ዲክላራሲዮን የለም ወንድሜ። ያለው አስመጪው ጋ ነው፤ ለእኔም አሳይቶኝ አያውቅም።