ለባልደረባዬ የላክሁትን የእርዳታ ጥያቄ እንዴት ላስተካክለው?

የሰኔን የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ እየሠራሁ ሳለ የባንኩ መግለጫ ከእኛ መዝገብ በ48,600 ብር በልጦ ተገኘ። ከዚህ ውስጥ 36,200 ብሩ ገና ያልተመነዘሩ ሁለት ቼኮች መሆናቸውን አረጋግጫለሁ፤ የቀረው 12,400 ብር ሰኔ 19 ቀን ገቢ የተደረገ ሲሆን፣ በደረሰኝ ጥራዞቻችን ውስጥ ላገኘው አልቻልሁም። ከየትኛው ደንበኛ እንደመጣ የሚያውቁት እስከዚያ ወር ድረስ ሒሳቡን የያዙት፣ በዕድሜም በልምድም የሚበልጡኝ ባልደረባዬ ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም አሁን በበጀት መዝጊያ ሥራ ተጠምደዋል።

ሰኞ ዕለት «እንደምን ዋሉ፤ ሒሳቡ አስቸግሮኛልና ሲመችዎ ትንሽ ቢረዱኝ» ብዬ ጻፍሁላቸው። «እሺ፣ እናያለን» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ቀን አለፈ። አልፈርድባቸውም፤ ምን እንደምፈልግና ለመቼ እንደሆነ ከመልእክቴ አይታወቅም።

አሁን እንዲህ አርቅቄዋለሁ፦

«እንደምን አደሩ። ሰኔ 19 ቀን ባንክ የገባው 12,400 ብር ከየትኛው ደንበኛ እንደሆነ ቢያስታውሱኝ፤ የደንበኛው ስም ብቻ ይበቃኛል። ማስታረቂያውን ዓርብ ጠዋት ስለማስረክብ፣ እስከ ነገ ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ቢነግሩኝ።»

ጥያቄው ጠርቷል ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳስበኝ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ለታላቅ ሰው ሰዓት መቁረጥ ትእዛዝ ይመስላልና፣ ሰዓቱን ከመልእክቱ ሳላወጣ ትእዛዝነቱን የሚያለዝብ እንዴት ያለ አነጋገር ልጠቀም?