ጥቆማ፦ የወንድሜ አሮጌ ላፕቶፕ ማይንክራፍትን ይችለዋል?

ናቲ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 16 ዓመቴ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ማታ ማታ አንድ ሰርቨር ላይ ተሰብስበው ማይንክራፍት ይጫወታሉ፤ የጃቫውን እትም። የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ታላቅ ወንድሜ አዲስ ላፕቶፕ ስለገዛ አሮጌውን ለቀቀልኝ። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ "የመመረቂያ ጽሑፌ ያለበትን ፎልደር እንዳትነካ።"

ላፕቶፑ ኮር አይ 5 ነው፣ 3ኛ ትውልድ። 4 ጊጋ ራም፣ ተራ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ኢንቴል ኤችዲ 4000 ነው ያለው። ጌሙን ከገዛሁ በኋላ አልሠራም ቢለኝ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ባከነ ማለት ነው። ምን ትሉኛላችሁ? ራም ልግዛ፣ ኤስኤስዲ ልግዛ ወይስ ተስፋ ልቁረጥ?

ብሩክ፦ ራም ነው ወንድሜ፣ ሌላ ነገር አይደለም። 8 ጊጋ አድርገውና 6ቱን ለጌሙ ስጠው፤ ይበራል።

ሄለን፦ እኔ ስልኬ ላይ ነው የምጫወተው፣ ምንም ችግር የለውም። ለምን በስልክህ አትሞክረውም?

ናቲ፦ ሄሉ፣ የስልኩ ሌላ እትም ነው፤ ቤድሮክ ይሉታል። የጓደኞቼ ሰርቨር የጃቫ ስለሆነ በቀጥታ አያስገባኝም። እሱን መጀመሪያ ነው የጠየቅኩት።

ጋሽ ታደሰ፦ ናቲ ልጄ፣ ምንም ነገር ሳትገዛ መጀመሪያ ሞክረው። የማይንክራፍት አካውንት በነፃ ይከፈታል፤ ጌሙን ሳትገዛም ማስጀመሪያው ፕሮግራም ዴሞውን ያጫውትሃል። በጌሙ አቆጣጠር አምስት ቀን ይሰጥሃል፣ በእኛ ሰዓት 100 ደቂቃ መሆኑ ነው። ሲያልቅ ዓለሙን ከዜሮ ማስጀመር ትችላለህ። ሰርቨር ላይ አያስገባህም፤ ላፕቶፑን ለመፈተን ግን ከበቂ በላይ ነው።

አሁን አፈታተኑን ልንገርህ። ቻርጀሩን ሰካ። F3 ተጫን፤ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ጊዜ ከ Fn ጋር አብረህ ነው የምትጫነው። በግራ በኩል በሰከንድ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ሥዕል እንደሚያወጣ ታያለህ። በቀኝ በኩል Mem የሚል መስመርና የግራፊክስህ ስም አለ። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ሂድ። ሁለት ደቂቃ አይተህ "ይሠራል" እንዳትል፤ አሮጌ ላፕቶፕ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። Task Manager ከጀርባ ክፍት ይሁንና የፕሮሰሰሩን ፍጥነት አብረህ ተከታተል።

ናቲ፦ ሞከርኩት። ዛሬ ማታ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ ቻርጀር ሳልሰካ ከፈትኩት፤ ሶኬቱ ከአልጋዬ ሩቅ ነው። 14 ፍሬም። ጭንቅላቴን ባዞርኩ ቁጥር ስክሪኑ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ። ጋሽ ታደሰ ያሉት ትዝ አለኝና ተነስቼ ሰካሁት። ወዲያው 26 ገባ። ተደሰትኩ። ጫካውን አልፌ አንድ ኮረብታ ላይ ወጣሁ፤ አሁንም 25፣ 26 ነበር።

12ኛው ደቂቃ አካባቢ ፋኑ በጣም መጮህ ጀመረ። ከዚያ 17 ሆነ። ከዚያ 9። ላም ፊት ለፊቴ ቆማ እንደ ፎቶ ደረቀች። Task Manager ላይ ሳየው ሲጀምር 3 ጊጋኸርዝ አካባቢ የነበረው ፕሮሰሰር 1.18 ላይ ወርዷል። ራሙ 93 በመቶ ተይዟል፣ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ነው። ከኪቦርዱ በላይ ያለውን ቦታ ብነካው ያቃጥላል። በቃ፣ ላፕቶፑ አልቻለም ማለት ነው?

ብሩክ፦ ያልኩህ ይኸው። 93 በመቶ። ራም።

ጋሽ ታደሰ፦ ብሩክ፣ ግማሹን አግኝተሃል። ራሙ ጠቦታል፣ ዲስኩ 100 የገባውም ዊንዶውስ ራም ሲያጣ ወደ ዲስክ ስለሚሸሽ ነው። ግን ችግሩ ራም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌሙ ከመጀመሪያው ደቂቃ ነበር የሚንገጫገጨው። ናቲ 12 ደቂቃ በደህና ተጫውቷል። የተጻፈለት መነሻ ፍጥነት 2.6 ሆኖ እያለ ወደ 1.18 የወረደው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱን ያቀዘቅዛል። በዚህ ሁኔታ ላይ 16 ጊጋ ብትጨምርበትም 12ኛው ደቂቃ ላይ ያው 9 ፍሬም ነው የምታየው።

ናቲ፣ ወንድምህ ከፍቶ አጽድቶት ያውቃል?

ናቲ፦ ደውዬ ጠየቅኩት። "ከተገዛ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም" አለኝ። ልክፈተው ስለው ትንሽ ዝም አለና "ጽሑፌን መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጥልኝ" አለ። ገለበጥኩለት።

ጋሽ ታደሰ፦ ወንድምህ ልክ ነው። አሁን አጥፋው፣ ቻርጀሩን ንቀል፣ ባትሪውን አውጣ። የታችኛውን ክዳን ስትፈታ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ወረቀት ላይ ሥለህ አስቀምጥ፤ ርዝመታቸው ይለያያል። አቧራው የሚከማቸው ፋኑ ላይ ሳይሆን ፋኑ ከሚነፍስበት ቀጭን የብረት መስመር ጋር ነው። ለስላሳ ብሩሽ በቂ ነው። አየር የምትነፋበት ከሆነ ፋኑን በጣትህ ያዘው፣ እንዲሽከረከር አትፍቀድለት።

ናቲ፦ እውነት ለመናገር እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት። ፋኑ ራሱ ብዙም አልቆሸሸም። በፋኑና በብረቱ መካከል ግን ግራጫ ነገር አለ፤ እንደ ተደፈጠጠ ጥጥ። በመርፌ ጫፍ ሳነሳው እንደ ጨርቅ ቁራጭ አንድ ላይ ወጣ። ከጀርባው ብርሃን ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ በፊት ምንም አየር አያልፍም ነበር ማለት ነው።

ገጥሜው ያንኑ ፈተና ደገምኩት። 20 ደቂቃ ሙሉ 25 አካባቢ ቆየ። ፕሮሰሰሩ ከ2.9 አልወረደም። ፋኑ ይጮሃል፣ ግን የሚወጣው አየር አሁን እጅ ያሞቃል። መንገጫገጩ ግን አልጠፋም፤ አዲስ ቦታ ላይ በደረስኩ ቁጥር አንድ ሰከንድ ይደርቃል።

ጋሽ ታደሰ፦ አሁን የብሩክ ተራ ነው። ራም ጨምር፤ ግን አንድ ባለ 8 ገዝተህ የድሮውን ከማውጣት ሁለተኛ ባለ 4 አጠገቡ ሰካ። ኤችዲ 4000 የራሱ ማህደረ ትውስታ የለውም፣ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው። ሁለት ራም በሁለቱም ቦታ ሲገባ መንገዱ ሁለት ይሆንለታል፤ ፍሬሙም ይጨምራል። ሌላ ማሽን ላይ ይህን ያህል አይታወቅም፣ አንተ ጋ ግን በዓይን ይታያል።

ስትገዛ ወይም ስትዋስ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። PC3 ወይም PC3L ይላል። PC3L ለእንዲህ ያለ ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ይሆናል። PC4 የሚል ከሆነ ግን ቁርጡ ስለማይገጥም አታስገድደው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ከዚያ 6 ጊጋውን ለጌሙ።

ጋሽ ታደሰ፦ አይ። ማስጀመሪያው ላይ ይህ ይሁን፦

```
-Xmx2G
```

ለጌሙ እስከ 2 ጊጋ ብቻ ውሰድ ማለት ነው። ሞድ ላልበዛበት ጨዋታ ይበቃል። 6 ብትሰጠው ለዊንዶውስና ለግራፊክሱ የሚቀረው 2 ነው፤ ተመልሰህ ዲስኩ ላይ ትወድቃለህ። ናቲ፣ F3 ላይ Mem የሚለውን እየው። እስከ 80፣ 90 ወጥቶ ድንገት ወደ 40 ከወረደ ጤነኛ ነው፣ ጃቫ ቆሻሻውን እየጣለ ነው። 95 ላይ ተጣብቆ ከቀረ ያኔ ወደ 3 ከፍ አድርገው።

ናቲ፦ የወንድሜ ጓደኛ ከተበላሸ ላፕቶፑ ባለ 4 ጊጋ ራም ሰጠኝ፤ PC3L ይላል። ሰካሁት፣ 8 ብሎ አነበበ። ያው ቦታ፣ ያው አቅጣጫ፦ 34 ፍሬም። ዲስኩም ከ100 ወረደ። ከዚያ ምን ያህል ርቀት እንደሚታይ የሚወስነውን Render Distance ከ12 ወደ 8፣ Graphics ደግሞ Fast አደረግኩት። ወደ 45 ገባ! Mem እንዳሉት ይወጣል፣ ይወርዳል። ጌሙን ገዛሁት።

ሚኪ፦ እንኳን ደስ አለህ። አሁን ሶዲየም የሚባለውን ፍሬም የሚጨምር ሞድ ጫንበት። ሞድ በሚያስገባው በፋብሪክ በኩል ነው የሚገባው። አንተ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ስለሚሠራ ጓደኞችህ ሰርቨሩ ላይ ምንም መጫን አይጠበቅባቸውም። እኔ ሌላውን ሞድ ኦፕቲፋይንን ለዓመታት ተጠቅሜያለሁ፤ ጥሩነቱ ብርሃንና ጥላ የሚያሳምረው ሼደር አብሮት መምጣቱ ነው፣ ለሶዲየም ግን አይሪስን ለብቻው ትጨምራለህ። ኤችዲ 4000 ላይ ሼደር ስለማታስበው ግን ሶዲየም ይሻልሃል። የኢንቴሉን ድራይቨር መጀመሪያ አድስ፤ አሮጌ ድራይቨር ላይ ጌሙን ሲዘጋው አይቻለሁ።

ሄለን፦ ኤስኤስዲውስ? ወንድሜ ኤስኤስዲ ከገባለት በኋላ ላፕቶፔ አዲስ ሆነ ይላል።

ጋሽ ታደሰ፦ ሲከፈትና ዓለሙን ሲጭን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፍሬም ላይ ግን አይጨምርለትም። በኋላ ይምጣ። ደግሞ ናቲ፣ ብቻህን ስትጫወት ላፕቶፕህ ጌሙን ብቻ ሳይሆን ሰርቨሩንም በውስጡ እያሠራ ነው። የጓደኞችህ ሰርቨር ላይ ያ ሸክም ይነሳለታል። ከዴሞው የተሻለ ጠብቅ።

ሚኪ፦ እዚህ ላይ ከጋሽ ታደሰ ጋር አልስማማም። ዴሞው ባዶ ዓለም ነው። ወር የተጫወተ ሰርቨር ላይ ስንት ሳጥን፣ ስንት ዶሮ፣ ስንት እርሻ አለ። እሱን ሁሉ የሚሥለው የአንተው ግራፊክስ ነው።

ናቲ፦ ቅዳሜ ማታ ገባሁ። ሜዳው ላይ 58 አየሁ፣ በሶዲየም። ጋሽ ታደሰ ልክ ናቸው። ከዚያ ጓደኛዬ ዶሮ እርሻውን ሊያሳየኝ ወሰደኝ፤ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ቁጥራቸው የማይታወቅ ዶሮዎች አሉ። 23። ሚኪም ልክ ነው። ጀርባዬን ለዶሮዎቹ ስሰጥ 50 ይመለሳል። ስለዚህ ቤቴን ከእርሻው ራቅ ብዬ ወንዙ ዳር እየሠራሁ ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ተጫወትን፣ አንዴም 9 አልገባም። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 2025 ላይ ቆሟል፣ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። እንዲሁ ልቀጥል ወይስ ሊነክስ ልሞክር?

ሚኪ፦ ሊነክስ። ኤችዲ 4000 እዚያ ላይ በደንብ ይሠራል።

ጋሽ ታደሰ፦ እኔ አልቸኩልም። አሁን እየሠራ ያለውን ማሽን ከማፍረስህ በፊት ከፍላሽ ላይ አስነሥተህ ሞክረው፣ ዲስኩን ሳትነካ። ከዚያ ያንኑ 20 ደቂቃ።

ናቲ፦ እሺ። ወንድሜን አስፈቅጄ እሁድ እሞክረዋለሁ፤ ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ።